ለኤሌክትሪሻኑ የላክሁት መልዕክት፦ በየማብሪያው ኒውትራል፣ በየግድግዳው ሰፋ ያለ ቱቦ

ደሴ ላይ ቤት እየሠራሁ ነው። ብሎኬቱ ቆሞ ነበር። ለሶሌታው ብረት እየታሰረ ነበር። ልስን ገና ነበር። ለኤሌክትሪሻኑ በቴሌግራም ረዘም ያለ መልዕክት የላክሁት በዚህ መሃል ነው። የጠየቅሁት በአጭሩ ይሄ ነው፦ አሁን ተራ ማብሪያ ይገጠም፤ ነገ ስማርት ማብሪያ ላስገባ ብል ግን ግድግዳ የማልፈለፍልበት መስመር ይዘርጋልኝ። መልዕክቱን ያዩ ጓደኞቼ «ለእኛም ላክልን» ስላሉኝ፣ ከነምክንያቱና ከተፈጠረው ክርክር ጋር እነሆ።

ሐሳቡ የመጣልኝ ከወንድሜ ቤት ነው። ኮምቦልቻ ያለው ቤቱ ከተሠራ ብዙ ዓመት አልሆነውም፤ መስመሩም ንጹሕ ነው። በዋይፋይ የሚሠራ ማብሪያ ገዝቶ ሳሎኑ ላይ ልንገጥም ብሬከሩን አጥፍተን ስካቶላውን ከፈትነው። ውስጡ ሁለት ገመድ ብቻ አለ፤ ሁለቱም ቀይ። አዲሱ ማብሪያ ደግሞ ሦስት መግቢያ አለው፦ አንዱ ከረንት ለሚያመጣው ፌዝ፣ አንዱ ከረንቱ ለሚመለስበት ኒውትራል፣ አንዱ ወደ አምፖሉ ለሚሄደው። ለኒውትራሉ የሚሆን ገመድ የለም። ማብሪያው ወደ ካርቶኑ ተመለሰ።

ይሄ የሠራተኛው ጥፋት አይደለም። ለተራ ማብሪያ ሁለት ገመድ ይበቃዋል። በአብዛኛው ቤቶቻችን መስመሩ የሚዘረጋው እንዲህ ነው። ፌዝና ኒውትራል ጣሪያው አካባቢ ግድግዳ ላይ ወዳለው መገናኛ ሳጥን ይመጣሉ። ከዚያ ፌዙ ብቻ በግድግዳው ውስጥ ወደ ማብሪያው ይወርዳል። ማብሪያው ሲበራ በሌላ ገመድ ተመልሶ ይወጣና አምፖሉ ጋ ይደርሳል። ይቺን ሁለተኛዋን ገመድ ከዚህ በኋላ «ተመላሽ» እላታለሁ። ኒውትራሉ ግን ማብሪያው ጋ አይወርድም። ከሳጥኑ በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ተራ ማብሪያ ፌዙን ከመቁረጥና ከመቀጠል ሌላ ሥራ ስለሌለው ኒውትራል ቢመጣለትም ምንም አያደርግበትም።

ስማርት ማብሪያ ግን ሆዱ ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተርና ራዲዮ ይዟል። አምፖሉ ጠፍቶም እሱ ነቅቶ ትዕዛዝ መጠበቅ አለበት። እንዲነቃ ከረንቱ በፌዝ ገብቶ በኒውትራል መውጣት አለበት። መውጫ ካጣ አይነሳም። ጉዳዩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የተለየ ምሥጢር የለውም።

«ያለ ኒውትራል የሚሠራ» የሚባልም አለ። ውሸት አይደለም፣ ይሠራል። ግን ዘዴው መታወቅ አለበት። አምፖሉ «ጠፍቷል» በሚባልበት ጊዜም ትንሽ ከረንት በአምፖሉ በኩል እያሳለፈ ራሱን ያኖራል። የድሮው 60 ዋት አምፖል ቢሆን ይቺን ከቁብ አይቆጥራትም ነበር። የዛሬው ባለ 5 ዋት ኤልኢዲ ግን በጥቂቱም ስለሚነሳ፣ ጠፍቶ ሳለ ብልጭ ድርግም ይላል ወይም ደብዘዝ ብሎ ያድራል። ለዚህ መላው ከአምፖሉ ጎን፣ በፌዝ ተመላሹና በኒውትራሉ መካከል የሚታሰር ትንሽ ካፓሲተር ነው። ብዙ ጊዜ ከማብሪያው ጋር በአንድ ካርቶን ይመጣል። ወንድሜ ለመኝታ ቤቱ በመጨረሻ የገጠመው ይሄንኑ ነው፤ ካፓሲተሩ ሲታሰር ድርግምታው ቀረ። ሌላም ገደብ አለው። ዋይፋይ ብዙ ስለሚበላ፣ ያለ ኒውትራል ከሚሠሩት ብዙዎቹ ዚግቢ በሚባለው ራዲዮ የሚናገሩ ናቸው። እነሱ ደግሞ የራሳቸውን አገናኝ ዕቃ ይፈልጋሉ። ያለቀ ቤት ላለው ጥሩ ማምለጫ ነው። ግድግዳው ክፍት ለሆነ ሰው ግን ለምን ብሎ?

እንግዲህ መልዕክቱ ይኸው። ኤሌክትሪሻኑ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሐጂ» ነው የሚላቸው። አካባቢያችን ካለው ቤት የብዙውን መስመር የዘረጉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ሥራቸውን ላስተምራቸው የተነሳሁ እንዳይመስል ተጠንቅቄ ነው የጻፍኩት።

«ሐጂ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። እንዴት ዋሉ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? ሶሌታው ሳይሞላ አንድ ነገር ላስቸግርዎት ብዬ ነው። ሲመችዎት ያንብቡት፤ ቅዳሜ ሲመጡ እንነጋገርበታለን።

ወደፊት፣ ገንዘብ ሲገኝ፣ አንዳንዱን ማብሪያ በስልክ በሚታዘዘው ልቀይር አስባለሁ። አሁን እንዲገጥሙልኝ የምፈልገው የተለመደውን ማብሪያ ነው። ለወደፊቱ እንዲያመች ግን መስመሩ ላይ የምለምንዎት ነገር አለ።

ከሁሉ በፊት፣ በእያንዳንዱ የመብራት ማብሪያ ስካቶላ ኒውትራል ይውረድልኝ። ባለ 1.5 ሰማያዊ ገመድ ይበቃል። ለአሁኑ ከማብሪያው ጋር አይታሰርም። 15 ሳንቲም ያህል ጫፍ ተርፎለት፣ ጫፉ በማገናኛ ተዘግቶ፣ ስካቶላው ውስጥ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።

ይህ ኒውትራል ማብሪያው ፌዝ ካገኘበት ከዚያው ብሬከር መስመር የመጣ ይሁን። ቅርብ ነው ተብሎ ከሶኬት ወይም ከሌላ ክፍል መስመር አይበደር። ከግራውንድ ደግሞ በፍጹም አይወሰድ።

ሰማያዊ ለኒውትራል ብቻ ይሁንልኝ። ወደ አምፖል የሚመለሰው ሌላ ቀለም ይሁን፤ ፌዙም ሌላ። ቀለም ቢያልቅብዎት ባለው አይሸፍኑት፤ ይደውሉልኝ፣ እኔ ገዝቼ አመጣለሁ።

ከመገናኛ ሳጥን ወደ ማብሪያ የሚወርደው ቱቦ በ16 ፈንታ 20 ሚሊ ይሁን። በመካከሉ ከሁለት በላይ መታጠፊያ አይኑረው። የሚታጠፍበትም ቦታ ሰፋ ተደርጎ ይታጠፍ፤ የውኃ ቧንቧ ክርን አይግባበት። ገመድ የማይገባበት ቱቦ ካለ ናይለን ሲባጎ ይለፍበትና ጫፉ ታስሮ ይቅር።

የማብሪያ ስካቶላዎቹ ካሬዎቹ ሆነው ጥልቀታቸው ወደ 5 ሳንቲም ይጠጋ። ሱቅ ውስጥ በብዛት ያለው 3 ሳንቲም ተኩል ያህል የሆነው ነው፤ እሱ አይበቃንም። ጥልቁን ካጡ እኔ እፈልጋለሁ።

የደረጃው መብራት ከታችም ከላይም የሚበራው ነው። ለእሱ በሁለቱም ስካቶላ ፌዝም ኒውትራልም ይድረስልኝ።

ተጨማሪውን ገመድና ቱቦ እኔ እገዛለሁ። የእጅዎንም ዋጋ አስበው ይንገሩኝ። አይሆንም የሚሉት ካለ ግን ይንገሩኝ፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

መልሱ በድምፅ መጣ። «ልጄ፣ ዋዓለይኩም ሰላም። ሁሉንም አዳመጥኩት፤ ልጄ አነበበልኝ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ኒውትራሉ ማብሪያ ውስጥ ገብቶ ምን ሊሠራ ነው? ፌዝና ኒውትራል በአንድ ጠባብ ስካቶላ ውስጥ ተቃቅፈው ቢያድሩ እሳት አያነሱም ወይ?»

ጥያቄያቸው የዋዛ አይደለም። ብዙ ሰው ሥራው ላይ የሚሟገተው እዚህ ላይ ነው። ቅዳሜ ሲመጡ ስማርት ማብሪያውን ከወንድሜ ተውሼ ይዤ ጠበቅኋቸው። አገላብጠው አዩትና ሦስቱን መግቢያ በካቻቢቴ ጫፍ እየነኩ «እህ፣ ይሄማ ሶኬት ማለት ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ሶኬት ውስጥ ፌዝና ኒውትራል ጎን ለጎን ሆነው ዕድሜ ልካቸውን ይኖራሉ። አደጋው ሁለቱ አንድ ቦታ መሆናቸው አይደለም፤ አደጋው የተራቆተ ጫፍ ነው።

ስለዚህ የጫፉን ነገር አጠበቁት። እኔ «በማገናኛ ይዘጋ» ያልኩትን እሳቸው በራሳቸው ምክንያት ደገፉት። ናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ ጫፍ ሙቀት ሲነካው ሙጫው እየላላ፣ ከጊዜ በኋላ ይፈታል። እሳቸው የድሮ ቤት ሲከፍቱ የሚያገኙት ይሄንኑ ነው። ገመዱ ሳይላጥ ማገናኛው ውስጥ ይገባል፣ ይጠብቃል፣ ከዚያ ተጠቅልሎ ወደ ስካቶላው ጀርባ ይገፋል። ሳይላጥ ያልኩት አውቄ ነው። ገና ሥራ ያልጀመረን ገመድ አስቀድሞ መላጥ ለምን ያስፈልጋል?

ስለ ግራውንዱ አልተከራከርንም። ለማታውቁት ግን ልግለጸው፤ ምክንያቱም ኒውትራል ያጣ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ይሄ ነው። ስካቶላው ውስጥ ቢጫና አረንጓዴ ገመድ ካለ፣ ስማርት ማብሪያውን በፌዝና በግራውንድ መካከል ብታስሩት ይነሳል። መነሳቱ ነው የሚያታልለው። ግራውንድ ከረንት እንዲሸከም አልተዘረጋም። ዘወትር ከረንት ካፈሰሳችሁበትና መንገዱ ላይ አንድ ቦታ ቢበጠስ፣ ወይም መሬት ውስጥ ያለው ዘንግ ቢላላ፣ ያ ከረንት የፍሪጁንና የቦይለሩን ብረት አካል ይዞ ይጠብቃችኋል። ቤታችሁ ውስጥ በ30 ሚሊ አምፔር የሚዘለው መከላከያ ብሬከር ካለም ያለ ምክንያት እየዘለለ መከራ ያሳያችኋል።

የብድር ኒውትራሉ ግን አንድ ቦታ ላይ እውነተኛ ችግር ሆኖ መጣ። ቤቱ ሁለት የመብራት መስመር አለው፤ እያንዳንዱ በባለ 10 አምፔር ብሬከር። አንዱ ለሳሎንና ለኩሽና፣ ሌላው ለመኝታ ቤቶቹና ለበረንዳው። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ቁልፍ ያለው አንድ ማብሪያ ታስቧል። አንዱ ቁልፍ የኮሪደሩን መብራት ያበራል፤ እሱ ከሳሎን መስመር ነው። ሌላው የበረንዳውን፤ እሱ ከመኝታ ቤት መስመር ነው። ለተራ ማብሪያ ችግር የለውም፣ ሁለት ፌዝ ይወርዳል። ስማርቱ ግን አንድ ፌዝና አንድ ኒውትራል ብቻ ነው የሚቀበለው። በአንዱ መስመር ፌዝ ሁለቱንም መብራት ካበራ፣ የበረንዳው ከረንት በሳሎኑ ፌዝ ሄዶ በመኝታ ቤቱ ኒውትራል ይመለሳል ማለት ነው።

ምን ክፋት አለው ብትሉ፣ አንድ ቀን የመኝታ ቤቱን ብሬከር አጥፍታችሁ፣ ጠፍቷል ብላችሁ ኒውትራሉን ማገናኛ ላይ ስትፈቱት፣ የበረንዳው መብራት በዚያው ገመድ እየተመለሰ ነበር። በተፈታው ጫፍ 220 ቮልት ይጠብቃችኋል። ሐጂ ይሄን ለመፍታት አንድ ደቂቃም አልፈጀባቸውም። «የበረንዳውን መብራት ወደ ሳሎኑ መስመር እናዛውረው፣ በቃ» አሉ። በወረቀት ላይ ብሬከሩ ስር ያለውን ዝርዝር ሰርዘው በእጃቸው አስተካከሉት። ልስን ቢያልቅ ኖሮ ይሄ ሳጥን መክፈት፣ መስመር መፈለግ ነበር።

ስለ ቱቦው የበለጠ ልቆይ፤ እኔ እንደማየው ከኒውትራሉ ይልቅ ዋናው ነገር እሱ ነው። ኒውትራል ዛሬ የምናውቀውን ፍላጎት ይመልሳል። ነገ ሌላ ገመድ የሚፈልግ ዕቃ ቢመጣ መልሱ ሰፊ ቱቦ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ባለ 1.5 ገመድ ከነሽፋኑ ውፍረቱ 3 ሚሊ ይጠጋል። የ16 ሚሊ ቱቦ ውስጡ 13 ሚሊ ገደማ ነው። ቱቦን አጭቆ መሙላት አይቻልም፤ ገመዱ ሲጎተት ይላጣል፣ ሲግልም መተንፈሻ ያጣል። ከውስጥ ስፋቱ 40 ከመቶውን ብቻ ሙላ የሚለውን የተለመደ ልክ ከያዝን፣ በ16ቱ ሰባት ገመድ ያህል ይገባል፣ በ20ው ደግሞ አሥራ ሁለት ያህል። ሦስት ቁልፍ ያለው የሳሎን ማብሪያ አንድ ፌዝ፣ ሦስት ተመላሽ፣ አንድ ኒውትራል፣ አንድ ግራውንድ ይዞ ስድስት ይሆናል። በ16ቱ ቱቦ ሊሞላ አንድ ገመድ ቀረው ማለት ነው። በ20ው ገና ግማሽ ነው።

ሶሌታው ውስጥ የሚቀበሩት ቱቦዎች ደግሞ ሁለተኛ ዕድል የላቸውም። ሐጂ ቱቦዎቹን በታችኛውና በላይኛው ብረት መካከል አሳልፈው በቀጭን ሽቦ ከብረቱ ጋር አሰሩ። መገጣጠሚያውን ሁሉ በሙጫ አጣበቁ። ሳይጣበቅ እንዲሁ የተሰካ ቱቦ፣ ኮንክሪቱ ሲፈስና ቫይብሬተሩ ሲንቀጠቀጥ ይላቀቃል። በክፍተቱ የሲሚንቶ ውኃ ይገባል፣ ይደርቃል፣ ቱቦው እዚያው ይዘጋል። በሚሞላበት ቀን ከልጆቻቸው አንዱን ሶሌታው ላይ አቁመው ዋሉ። ሥራው ቱቦ እንዳይረገጥ መጠበቅ ብቻ ነበር። ቀን ሠራተኞቹ ቢስቁበትም እኔ ግን አልሳቅሁም።

ወጪውን ለምትጠይቁ፣ በዋጋ ሳይሆን በመጠን ልንገራችሁ፤ ዋጋው ስትገዙ ሌላ ይሆናልና። ቤቱ 11 የመብራት ማብሪያ ስካቶላ አለው። መገናኛ ሳጥኑ ከጣሪያው 30 ሳንቲም ዝቅ ብሎ ነው፤ ማብሪያው ደግሞ ከወለሉ 1 ሜትር ከ30 ላይ። የግድግዳው ከፍታ 3 ሜትር ስለሆነ በመካከሉ 1 ሜትር ከ40 ይቀራል። በሁለቱም ጫፍ የሚተርፈውን ስንጨምር አንዱ ኒውትራል 2 ሜትር አይሞላም። ለ11ዱ 22 ሜትር ማለት ነው። ደረጃውና ኮሪደሩ ረዘም ያለ መንገድ ስላላቸው ሁሉም ተደምሮ 40 ሜትር አልደረሰም። ከአንድ ጥቅል ሰማያዊ ገመድ ከግማሽ በላዩ ተረፈን። ዋናው ጭማሪ የቱቦው ስፋትና የጥልቁ ስካቶላ ልዩነት ነው፤ እሱም ከልስን በኋላ ግድግዳ በመሮ ከማስፈልፈል፣ መልሶ ከማስለሰንና ክፍሉን ሙሉ ቀለም ከማስቀባት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ጥልቁን ስካቶላ ያስፈለገበት ምክንያት ስማርት ማብሪያው ከኋላው ወፍራም ስለሆነ ነው። በ3 ሳንቲም ተኩሉ ውስጥ ማብሪያው ብቻውን ይገባ ይሆናል፤ ስድስት ገመድና ሁለት ማገናኛ ከኋላው ሲታጠፍ ግን ሽፋኑ ግድግዳው ላይ አልገጥም ይላል። ያኔ ሰው በብሎን ያስጨንቀዋል። ገመዱ ይቆነጠጣል። ከተራው ማብሪያ ጀርባ የምትቀበር ትንሽ መቆጣጠሪያም አለች፤ እሷን የመረጠ ሰው ጥልቀቱ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። እኔ ወደ እሷ አደላለሁ፤ ከውጭ የሚታየው ማብሪያ እንደ ሁሌው ስለሚቀር እናቴ አዲስ ነገር መማር አይጠበቅባትም።

የደረጃው ማብሪያ ትንሽ ይለያል። ከታችና ከላይ የሚበራ መብራት ሁለት ማብሪያ አለው። በተለመደው አሠራር ፌዙ አንዱ ስካቶላ ውስጥ ብቻ ይገባል፤ ተመላሹ ከሌላው ይወጣል፤ በሁለቱ መካከል ሁለት መገናኛ ገመድ አለ። ስማርቱ የት እንደሚቀመጥ ዛሬ አላውቅም። ለዚህ ነው በሁለቱም ቦታ ፌዝና ኒውትራል ይድረስ ያልኩት። ሐጂ አንድ ትርፍ ገመድም ጨመሩ፤ «ከታች ይሁን ከላይ፣ ተመላሹን የምታዛውርበት ይኑርህ» ብለው። ይሄን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

ለቦይለሩና ለምጣዱ ግን ምንም አልጠየቅሁም። የቦይለሩ ማብሪያ ፌዙንም ኒውትራሉንም አንድ ላይ የሚቆርጥ ባለ 20 አምፔር ስለሆነ ኒውትራሉ ቀድሞም እዚያው አለ። የመብራት ስማርት ማብሪያን ለእነዚህ አልጠቀምም፤ ቦይለር ለረጅም ጊዜ ከ7 እስከ 9 አምፔር እየሳበ ሲቆይ ትንሿ ውስጠኛ ማብሪያ ትግላለች።

«ለምን ስማርት አምፖል ብቻ አትገዛም?» ያለኝም አለ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ብዙው ስማርት አምፖል ካላስተካከላችሁት በስተቀር ቦግ ብሎ ይበራል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ቦግ ሲል አስቡት። ደግሞም ሰው ግድግዳው ላይ ማብሪያውን ካጠፋው አምፖሉ ከስልኩ ይጠፋል። ማብሪያ ስትገዙም ቢሆን መብራት ሲመለስ «እንደነበረ ይቆይ» የሚል ምርጫ እንዳለውና ያለ ኢንተርኔት በግድግዳው ቁልፍ እንደሚሠራ ጠይቁ።

አሁን ወደ መፈተሻው። ሥራው እንደተጠየቀው መሆኑን በዓይን ብቻ ማወቅ አይቻልም፤ በሜትርም ቢሆን መንገዱን ካላወቃችሁ ይሸውዳችኋል። ወንድሜ ቤት የታዘብኩት ነው። ማብሪያው ጠፍቶ ፌዙንና ተመላሹን በሜትር ስንለካ 220 የሚጠጋ ቁጥር አሳየን። «አገኘነው፣ ይሄ ኒውትራል ነው!» ሊባል ምንም አልቀረውም። ግን አይደለም። ተመላሹ በአምፖሉ በኩል ከኒውትራል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሜትሩ ያንን ነው ያነበበው። የቴስተር ካቻቢቴውም አይረዳም፤ ማብሪያው ጠፍቶ ሳለ ተመላሹም እንደ ኒውትራል አያበራም።

ትክክለኛው ፈተና ቀላል ነው። በዚያ ማብሪያ ስር ያሉትን አምፖሎች ሁሉ አውልቁ። ከዚያ ለኩ። እውነተኛ ኒውትራል አምፖል ኖረም አልኖረም ከፌዙ ጋር 220 አካባቢ ያሳያል። ተመላሽ ከሆነ ቁጥሩ ይወድቃል ወይም ይዋልላል። ዲጂታል ሜትር አንዳንዴ በገመዶቹ ጉርብትና ብቻ የሌለ ቮልት ያነባል፤ በሱ አትደናገጡ። ይበልጥ እርግጠኛ መሆን የፈለገ፣ የድሮ አምፖል ያስገባበትን ሆልደር በፌዙና በተጠረጠረው ገመድ መካከል ያገናኝ። በደንብ ከበራ ኒውትራል ነው። ይሄን የሚያደርገው ግን በሕያው መስመር የመሥራት ልምድ ያለው ሰው ይሁን። እኛ ቤት ሐጂ ናቸው የሚያደርጉት፣ እኔ ባትሪ ይዤ አበራለሁ። ብድር መኖሩን ለማወቅ ደግሞ አንዱን የመብራት ብሬከር አጥፍተው በዚያ መስመር ያሉትን ስካቶላዎች ፌዝ ጠፍቷል ወይ እያሉ አንድ በአንድ ያያሉ፤ ከዚያ ብሬከሩ እንደጠፋ የዚያን መስመር ኒውትራል ከሰሌዳው ላይ ፈትተው፣ በቀረው መስመር ያሉትን መብራቶች ያበራሉ። ሁሉም ከበሩ ከዚያ መስመር የተበደረ የለም። አንዱ አልበራ ካለ ያ መብራት ኒውትራሉን ተበድሯል።

መብራት ገና ስላልገባልን ይሄ ፈተና ወደፊት ነው። ከልስን በፊት የሚደረገውን ግን ጨርሰናል። በየቱቦው ሲባጎውን ከሁለቱም ጫፍ ጎትተን አየን። አንዱ፣ ወደ ትንሿ መኝታ ቤት የሚወርደው፣ አልንቀሳቀስ አለ። ሐጂ እጃቸውን ግድግዳው ላይ አድርገው ሲያስጎትቱ የተያዘበትን ቦታ ለዩት፤ መታጠፊያው ላይ ቱቦው ተጣጥፎ ጠቦ ነበር። ያንን ክንድ ያህል ቆርጠው በሌላ ተኩት። ከዚያ እያንዳንዱን ግድግዳ ሜትር ተዘርግቶበት በስልክ ፎቶ አነሳሁ፤ ከበሩ ጠርዝ እስከ ቱቦው ስንት ሳንቲም እንደሆነ ፎቶው ላይ ይነበባል። ፎቶዎቹ በእኔም በሐጂ ልጅም ስልክ አሉ።

ለለሳኙ የነገርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ስካቶላዎቹ ሁሉ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ተወትፈው ነው ያሉት፤ ልስኑ ደርቆ ካልተፈተገ በቀር ወረቀቱን ማንም እንዳያወጣው። ጫፋቸው ከግድግዳው ፊት ስንት ሚሊ እንደሚወጣም ሐጂ ራሳቸው በልስኑ ውፍረት ልክ አስተካክለውታል። ወደ ውስጥ የሰመጠ ስካቶላ ኋላ ብሎኑ አይደርስም፤ የወጣ ደግሞ ሽፋኑን አንጋዶ ይይዛል። ለሳኙ «እሺ፣ አልነካውም» ብሏል። ሰኞ ሳሎኑን ይጀምራል።